ሪኮመንዴሽን ከማን ይጠየቃል?

«ለሦስት ዓመት አብረን ሠርተናል። ታታሪ፣ ታማኝ፣ ከሰው ተግባቢና የተሰጣትን ሥራ በሰዓቱ የምታደርስ ባለሙያ ናት። የትም ብትቀጠር መሥሪያ ቤቱን እንደምትጠቅም እርግጠኛ ነኝ።»

ሊንክድኢን ከፍቶ የባለሙያዎችን ፕሮፋይል የሚያገላብጥ ሰው እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ደጋግሞ ያገኘዋል። ክፋት የለበትም፤ የጻፈውም ሰው በቅንነት ነው የጻፈው። ነገር ግን ጽሑፉ ለነርስም፣ ለሾፌርም፣ ለሒሳብ ሠራተኛም ቢለጠፍ አንድም ቃል መለወጥ አያስፈልገውም። ቀጣሪው አንብቦ ሲጨርስ ስለ ሴትዮዋ የሚያውቀው ነገር ከማንበቡ በፊት ከሚያውቀው አይበልጥም። በእኔ አስተያየት የዚህ ጥፋት አብዛኛውን ጊዜ የጻፊው ሳይሆን የጠያቂዋ ነው። ምን እንዲጽፍላት እንደምትፈልግ አልነገረችውም፤ ከዚያም ቀድሞ፣ ምናልባት መጠየቅ የነበረበት ሰው እርሱ አልነበረም።

ሊንክድኢን ሥራ የጀመረው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ2016 ደግሞ ማይክሮሶፍት ገዛው። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ በእርዳታ ድርጅት፣ በውጭ ኩባንያ ወይም ከቤት ሆኖ ለውጭ አገር አሠሪ መሥራት የሚፈልግ ሰው ፕሮፋይሉን ሳያስተካክል አያመለክትም። በዚያ ገጽ ላይ ሌላ ሰው ስለ እኛ የሚመሰክርባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንዱ ኢንዶርስመንት ነው፤ «ይህን ሙያ ታውቃለች» ብሎ በአንድ ጠቅታ ማጽደቅ ማለት ነው። ያልተዋወቁ ሰዎች እንኳ ስለሚሰጣጡት ቀጣሪ ብዙም አይደገፍበትም። ሁለተኛው ሪኮመንዴሽን ነው፤ ሰውየው በራሱ ስም፣ በራሱ ፎቶና የሥራ መጠሪያ፣ ከእኛ ጋር የነበረውን የሥራ ግንኙነትና ቀኑን አስጽፎ የሚያሰፍረው ጽሑፍ። ጽሑፉን እኛ መለወጥ አንችልም። ማድረግ የምንችለው መቀበል፣ መደበቅ ወይም እንዲታረም መጠየቅ ብቻ ነው። ክብደቱም ከዚህ የመጣ ነው።

እኛ አገር ብዙ ሰው ሪኮመንዴሽንን ከሥራ ልምድ ደብዳቤ ጋር ያምታታዋል። የሥራ ልምድ ደብዳቤ የሕግ ግዴታ አለበት፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው የሠራተኛውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንና ደመወዝ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት መስጠት አለበት። «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ ይጀመራል፣ ማኅተም ይረገጥበታል፣ የፈረመው የሰው ኃይል ኃላፊም ሠራተኛዋን በመልክ ላያውቃት ይችላል። ይህ ነውር አይደለም፤ ደብዳቤው የሚያረጋግጠው መቀጠሯን እንጂ እንዴት እንደሠራች አይደለምና። ሪኮመንዴሽን ግን ደብዳቤው ዝም ያለበትን ጉዳይ የሚናገር ነው። ስለዚህ ደብዳቤ ለማስፈረም የምንሄድበት ቢሮና ሪኮመንዴሽን ለመጠየቅ የምንሄድበት ሰው አንድ መሆን የለባቸውም።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። አንዲት ሴት አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ የትራንዚትና የዕቃ ማስተላለፍ ድርጅት አምስት ዓመት ሠርታለች እንበል። ሥራዋ ከጂቡቲ ተነሥቶ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚደርስ ኮንቴይነር ሰነዱ ተሟልቶ፣ ዲክላራሲዮኑ ቀርቦ፣ ጉምሩክ ፈትሾ እስኪለቀው ድረስ መከታተል ነው። አሁን አንድ የእርዳታ ድርጅት የሕክምና ዕቃ ለሚያስገባ ክፍሉ የሎጂስቲክስ ኦፊሰር ይፈልጋል። ማስታወቂያው ረጅም ነው፤ ተጨምቆ ሲታይ ግን የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው። የገቢ ዕቃ ሰነድ በጥንቃቄ መመርመር፣ ችግር ሲፈጠር ከአቅራቢና ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ተነጋግሮ መፍታት፣ እንዲሁም ጫና ባለበት ወቅት ከቡድን ጋር መሥራት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ስልኩን አንሥቶ «ትልቅ ሰው ማን አለኝ?» ብሎ ያስባል። የእኛ ሴትም እንዲሁ ብታስብ አይገርምም። የድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ አሉ፤ ስማቸው የታወቀ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ትልቅ ኩባንያ ኃላፊ የሆነ የአጎቷ ልጅ አለ። ዩኒቨርሲቲ ያስተማሯት ዶክተር አሉ፤ ዛሬም በዓል ሲደርስ ትደውልላቸዋለች። ከእነዚህ ወረድ ብለው ደግሞ የቅርብ አለቃዋ የነበሩት የኦፕሬሽን ኃላፊ፣ የላቦራቶሪ መሣሪያ የሚያስመጣ አንድ ደንበኛና አጠገቧ ተቀምጦ ይሠራ የነበረ ትራንዚተር አሉ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በማዕረግ ይበልጣሉ፤ ሦስቱንም ግን ባትጠይቃቸው እመክራታለሁ። ዋና ሥራ አስኪያጁ በአምስት ዓመት ውስጥ ያነጋገሯት በጠቅላላ ስብሰባና በበዓል ግብዣ ላይ ነው፤ አንድም ዲክላራሲዮን ስትሞላ አላዩም። ቢጽፉላት የሚጽፉት በዚህ መጣጥፍ መጀመሪያ ላይ ያየነውን ዓይነት ነው፤ ሌላ የሚሉት ስለሌላቸው። የአጎት ልጅ አብሯት አልሠራም። ሪኮመንዴሽን ሲጻፍ ሊንክድኢን ግንኙነታችሁ ምን ነበር ብሎ ይጠይቃል፤ አለቃ፣ የሥራ ባልደረባ፣ ደንበኛ፣ መምህር፣ አብሮ የተማረ የሚሉ ምርጫዎችን ይሰጣል፤ «ዘመድ» የሚል የለም። ከሌሎቹ አንዱን መርጦ መሙላት ውሸት ነው፤ ቀጣሪው የሁለቱን ሰዎች የሥራ ታሪክ ጎን ለጎን ሲያይ በአንድ መሥሪያ ቤት እንዳልተገናኙ ወዲያው ያውቃል። መምህሯ በእርግጥ ያውቋታል፤ የሚያውቋት ግን ተማሪ ሳለች ነው። ትናንት ለተመረቀች ልጅ የመምህር ቃል ውድ ነው፤ አምስት ዓመት ለሠራች ሴት ግን ቀጣሪውን «ከዚያ ወዲህ የሚመሰክርላት የለም ወይ?» ያሰኘዋል።

በዚህ አጋጣሚ ከማኅበራዊ ጥናት አንድ ነገር ላንሣ። አሜሪካዊው የማኅበራዊ ሳይንስ ሊቅ ማርክ ግራኖቬተር በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ታዋቂ ጽሑፍ የሥራ ወሬ ብዙውን ጊዜ ከቅርብ ወዳጅ ይልቅ ራቅ ካለ ትውውቅ እንደሚመጣ አሳይቷል፤ የቅርብ ወዳጆቻችን የሚያውቁት እኛ የምናውቀውን ነውና። ይህን የሰሙ ሰዎች ለሪኮመንዴሽንም ሩቅ ያለ ትልቅ ሰው ይሻላል ብለው ሊያስቡ ይችላሉ። ጉዳዩ ግን ሌላ ነው። የአጎት ልጅ ክፍት የሥራ ቦታ እንዳለ ቢነግራት ትልቅ ውለታ ነው። ሥራውን እንዴት እንደምትሠራ መናገር የሚችለው ግን ስትሠራ ያያት ብቻ ነው።

እንግዲህ የቀሩትን ሦስቱን ከማስታወቂያው ጋር እናገናኛቸው። የኦፕሬሽን ኃላፊው ሰነድ አመራመሯን ያውቃሉ፤ በየቀኑ ያረሙትና የፈረሙበት የእርሷን ሥራ ነው። ደንበኛው ችግር ሲገጥም ምን እንዳደረገች ያውቃል፤ ዕቃው የእርሱ ነበርና። ትራንዚተሩ ደግሞ ሥራ ሲደራረብ ከሰው ጋር እንዴት እንደነበረች ያውቃል። ሦስት ጥያቄ፣ ሦስት ምስክር። አራተኛና አምስተኛ ከመፈለግ ይልቅ እነዚህ ሦስቱ እርስ በርሳቸው ያልተደጋገመ ነገር እንዲጽፉ ማድረጉ ይሻላል። አሥር ሰው «ታታሪ ናት» ቢል እንደ አንድ ሰው ነው የሚቆጠረው።

ከሦስቱ የደንበኛው ቃል ለየት ያለ ኃይል አለው ብዬ አምናለሁ። አለቃ ለቀድሞ ሠራተኛው፣ ባልደረባም ለባልደረባው መልካም ቢናገር የሚጠበቅ ነው። ደንበኛ ግን ገንዘቡን ከፍሎ አገልግሎት የገዛ ሰው ነው፤ የድርጅቱን ሠራተኛ የማወደስ ግዴታ የለበትም። ሆኖም ብዙዎቻችን ሪኮመንዴሽን ስናስብ ደንበኛ ጭራሽ ትዝ አይለንም። ነርስ ከሆስፒታሉ ዳይሬክተር ፊርማ ለማግኘት ስትንከራተት አብሯት ሌሊት ያደረውን ሐኪም ትረሳዋለች፤ መሐንዲስም የሚኒስቴር ኃላፊ ሲፈልግ ሥራውን በየሳምንቱ ይለካ የነበረውን የአማካሪ ድርጅት ተቆጣጣሪ አያስታውሰውም።

አሁን በሥራ ላይ ያለ ሰው ግን አንድ ተጨማሪ ነገር ማሰብ አለበት። ሪኮመንዴሽን ከነቀኑ ሁሉም የሚያየው ገጽ ላይ ነው የሚወጣው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከወቅቱ አለቃና ከሁለት ባልደረቦች ሦስት ጽሑፍ የወጣላት ሴት ልትለቅ እንደሆነ ቢሮው በሙሉ ይረዳዋል። መልቀቋን ገና ካልተናገረች ከቀድሞ መሥሪያ ቤቷ ሰዎች፣ ከደንበኛ፣ ወይም ሥራ ከለቀቀ የቀድሞ ኃላፊ መጀመር ይሻላታል። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ እክል ይገጥማቸዋል። እዚያ ብዙ ኩባንያዎች የቀድሞ ሠራተኛ ሲጠየቅ ከሥራ መደቡና ከቆይታው ውጪ ምንም እንዳይነገር የሚከለክል መመሪያ አላቸው። አለቃው እያደነቃትም እምቢ ሊላት ይችላል፤ ቅር ሊላት አይገባም። እርሱም ኩባንያውን ከለቀቀ በኋላ ወይም ከደንበኛ በኩል መሞከር ይቻላል።

ወደ አጠያየቁ እንምጣ። ሊንክድኢን ላይ ጥያቄ መላክ ቀላል ነው። መጀመሪያ ሰውየው በኮኔክሽን የተገናኘን መሆን አለበት። ፕሮፋይሉን ከፍተን More የሚለውን ስንነካ Request a recommendation የሚል ይመጣል፤ ግንኙነታችንንና በዚያን ጊዜ የነበረንን የሥራ መደብ መርጠን መልእክት እንጽፋለን። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ መልእክቱ ላይ ነው። ገጹ ራሱ አጭር የተዘጋጀ ዐረፍተ ነገር ያቀርባል፤ ብዙ ሰው ያንኑ እንዳለ ይልከዋል። ተቀባዩ ከፍቶ ሲያየው «ሪኮመንዴሽን ጻፍልኝ» የሚል ብቻ ነው። ስለምን? ለየትኛው ሥራ? እስከ መቼ? ምንም የለም። ጥሩ ሰው ከሆነ «ነገ ቁጭ ብዬ እጽፍላታለሁ» ይልና ይረሳዋል፤ በጣም ጥሩ ሰው ከሆነ ደግሞ ታታሪና ታማኝ ብሎ ይጽፋል።

ለእኛ ሰው የሚሻለው መጀመሪያ መደወል ወይም በቴሌግራም መጻፍ ነው። ሊንክድኢኑን በወር አንዴ እንኳ የማይከፍት አለቃ ብዙ ነው፤ ደግሞም ለአገልግሎት ውለታ ሲጠየቅ በማሽን ከሚላክ ጥያቄ በፊት ሰላምታ ይቀድማል። የእኛ ሴት ለኦፕሬሽን ኃላፊው እንዲህ ብትጽፍላቸውስ?

«እንደምን ሰነበቱ አቶ እገሌ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና? አንድ ነገር ላስቸግርዎት ነው። በአንድ የእርዳታ ድርጅት ለሎጂስቲክስ ኦፊሰርነት ላመለክት ነው፤ ማስታወቂያው በተለይ የገቢ ዕቃ ሰነድ መመርመር ላይ ልምድ ይፈልጋል። እርስዎ ጋ ስሠራ ዕቃው ገና ከመጫኛው ወደብ ሳይነሣ ኢንቮይሱን፣ ፓኪንግ ሊስቱንና ቢል ኦፍ ሎዲንጉን የምናመሳክርበት አንድ ቅጽ አዘጋጅቼ ነበር፤ በኋላም ሁሉም ትራንዚተር እንዲጠቀምበት እርስዎ አዘዙ። ከዚያ በፊት ሥራው እንዴት እንደነበረና ቅጹ ከመጣ በኋላ በእርስዎ በኩል ያዩትን ለውጥ በአራት አምስት ዐረፍተ ነገር ሊንክድኢን ላይ ቢጽፉልኝ ትልቅ ውለታ ነው። ማመልከቻው የሚዘጋው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ጊዜ ካጠረዎት ወይም ነገሩን በደንብ ካላስታወሱት ግን ፍጹም ቅር አይለኝም፤ ከፈለጉም በስልክ ብቻ ምስክር ሊሆኑኝ ይችላሉ።»

ይህ መልእክት ምን እንዳደረገ ልብ እንበል። «ጎበዝ መሆኔን ጻፉልኝ» አላለም፤ አንድ ቅጽ አስታወሳቸው። አለቃው በአምስት ዓመት ውስጥ ከደርዘን በላይ ሠራተኞች አሳልፈዋል፤ እርሷን በጥሩ ስሜት ያስታውሷታል እንጂ የሠራችውን ዝርዝር ረስተውታል። ቅጹ ሲነሣላቸው ግን ሰነድ ስላልተገጣጠመ ዕቃ ሞጆ ላይ የተያዘባቸው ጊዜ፣ ደንበኛ የጮኸባቸው፣ የማቆያ ክፍያ የቆጠረባቸው ሁሉ ይመጣላቸዋል። ከዚያ በኋላ የሚጽፉት የራሳቸው ትዝታ ነው። ፍርዱንም ለእርሳቸው ነው የተወችው፤ «ያዩትን ለውጥ» አለች እንጂ ለውጡ ይህን ያህል ነው ብላ በአፋቸው አላስገባችም። ምናልባት እርሳቸው ያዩት ለውጥ እርሷ ከምታስበው የተለየ ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ የተሻለው ነው።

የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ለይሉኝታችን የተጻፈች ናት። እኛ ዘንድ ፊት ለፊት ተጠይቆ «አልችልም» የሚል ሰው ጥቂት ነው። ይሉኝታ ይዞት እሺ ያለ ሰው ወይ አይጽፍም፤ ወይ ልቡ ያልገባበትን ለብ ያለ ነገር ጽፎ ይገላገላል። ለብ ያለ ሪኮመንዴሽን ደግሞ ከምንም ይብሳል፤ አንባቢው «ይህቺን የሚያውቃት ሰው እንኳ ይህን ያህል ብቻ ነው ያለው» ብሎ ይተረጉመዋልና። ስለዚህ በሩን ራሷ ከፍታ ሰጠቻቸው፤ ካልፈለጉ በክብር ይወጡበታል። እሺ ካሉና አሥር ቀን ካለፈ አንድ ጊዜ በትሕትና ማስታወስ ነውር የለውም። ከሁለተኛ ማስታወሻ በኋላ ዝም ካሉ መልሱ ተሰጥቷል ማለት ነው፤ ወደ ሌላ ሰው መሄድ ነው።

አንድን የተለየ ሥራ ጠቅሶ መጠየቅ ለሴቶች ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ፍራንሲስ ትሪክስና ካሮሊን ሴንካ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2003 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ለአንድ ትልቅ የአሜሪካ የሕክምና ትምህርት ቤት መምህራን ቅጥር የተጻፉ ከ300 በላይ የድጋፍ ደብዳቤዎችን መርምረዋል። ለሴቶች የተጻፉት በአማካይ አጠር ያሉና ጥርጣሬ የሚያጭሩ ሐረጎች የሚበዙባቸው ሆነው አገኟቸው፤ ከምርምር ውጤታቸው ይልቅ ጥረታቸውና ማስተማራቸው ይወሳ ነበር። እኛም ቤት «ትሑት፣ ታዛዥ፣ ታታሪ» የሚሉት ቃላት ለሴት ሲሆን ከብዕር ፈጥነው ይወጣሉ። የጻፈው ሰው ክፉ ስላሰበ አይደለም፤ እጁ የለመደው ያንን ነው። «ስለዚያ ቅጽ ይጻፉልኝ» የተባለ አለቃ ግን ስለ ትሕትናዋ ሳይሆን ስለ ሥራዋ ነው የሚጽፈው።

ለደንበኛው የሚላከው ጥያቄ ከዚህ መለየት አለበት። እርሱ ቅጹን አያውቅም፤ የሚያውቀው የራሱን ዕቃ ነው። አንድ ጊዜ ሁለት ኮንቴይነር የላቦራቶሪ መሣሪያው ሞጆ ላይ ተይዞበት ነበር እንበል፤ በኢንቮይሱና በፓኪንግ ሊስቱ ላይ ያለው ክብደት አልገጠመም። እርሷ መርምራ አቅራቢው በአንዱ ላይ ከነማሸጊያው፣ በሌላው ላይ ያለማሸጊያው የመዘነውን እንደጻፈ አገኘች፤ በሁለት ቀን የታረመ ሰነድ አስልካ ነፃው የማቆያ ጊዜ ሳያልቅ አስለቀቀችው። ለደንበኛው የምትጽፍለት «የዚያን ጊዜውን የክብደት ችግር ታስታውሰዋለህ? በአንተ በኩል እንዴት እንደነበረ ብትጽፍልኝ» የሚል ነው። ገንዘቡ ስንት እንደነበረ፣ ዕቃው ከማን እንደተገዛና ለማን እንደተሸጠ እንዲጽፍ ግን አትጠይቀውም። ያ የእርሱ የንግድ ምሥጢር ነው፤ የደንበኛ ምሥጢር አደባባይ ያወጣች ሠራተኛ ደግሞ ለአዲሱ ቀጣሪ አታስተማምንም።

እዚህ አገር ጠያቂን ከሁሉ በላይ የሚፈትናት መልስ «አንቺው ጻፊውና ላኪልኝ፣ እኔ እለጥፈዋለሁ» የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከስንፍና አይደለም፤ ሰውየው በእንግሊዝኛ መጻፍ ይከብደዋል፣ ስህተቱ በስሙ እንዲወጣ አይፈልግም። ብትጽፈው ጉዳቱ ሁለት ነው። በመጀመሪያ ሦስቱንም እርሷ ከጻፈቻቸው ሦስቱም በአንድ ድምፅ ይናገራሉ፤ አንድ ዓይነት አገባብ፣ አንድ ዓይነት ቅጽል። ብዙ ፕሮፋይል የሚያነብ ሰው ይህን ሳይቸገር ይለየዋል። ሁለተኛው የከፋ ነው፤ ቀጣሪው ደውሎ «ስለዚያ ቅጽ ቢያብራሩልኝ» ሲላቸው የለጠፉትን አንብበው ላያውቁ ይችላሉ።

መውጫው እንዲህ ነው። «እሺ፣ አሥር ደቂቃ በስልክ ያውሩኝ፤ እርስዎ የሚሉትን በአማርኛ እጽፈዋለሁ» ማለት ነው። እርሳቸው ይናገራሉ፣ እርሷ ቃላቸውን ትይዛለች፣ ወደ እንግሊዝኛ መልሳ ትልክላቸዋለች፣ እርሳቸው ደግሞ አንብበው የሚቀንሱትን ቀንሰው የሚጨምሩትን ጨምረው ይለጥፉታል። ሐሳቡ የእርሳቸው ነው፣ ፍርዱ የእርሳቸው ነው፤ ከእርሷ የተገኘው ጽሕፈቱ ብቻ ነው። ያላሉትን አንዲት ውዳሴ እንኳ ብትጨምር ግን ነገሩ ወደ መጀመሪያው ችግር ይመለሳል። ሊንክድኢን የሌላቸውን ሰው በተመለከተ ደግሞ በስማቸው አካውንት ከፍቶ መጻፍ ጭራሽ የማይሞከር ነው። ተራ ደብዳቤ ይጻፉላት፤ ከማመልከቻው ጋር ታያይዘዋለች።

ጽሑፉ ሲመጣ ወዲያው ገጹ ላይ አይወጣም፤ እርሷ አይታ ትፈቅዳለች። Add to profile ከማለቷ በፊት ረጋ ብላ ታንብበው። የስሟ አጻጻፍ ከፓስፖርቷና ከማመልከቻዋ ጋር አንድ መሆኑን ትመልከት፤ የኢትዮጵያ ስም በላቲን ፊደል በሦስትና በአራት መንገድ ይጻፋልና። የሥራ መደቧና ዓመተ ምሕረቱ ልክ ነው? አለቃዋ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስበው በእንግሊዝኛ ጽፈውት እንደሆነ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይፈጠራል። በእንግሊዝኛ ስለ እርሷ ሲጻፍ አንዱ ዐረፍተ ነገር ላይ ወንድ፣ ሌላው ላይ ሴት ሆና ልትገኝም ትችላለች፤ ስሟ የወንድ ይሁን የሴት ለማያውቅ የውጭ አገር አንባቢ ይህ እንደ ቅጂ ሥራ ይታየዋል። እነዚህን Ask for revision በሚለው መንገድ እንዲያርሙላቸው መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን አመስግኖ ደውሎ መንገር ይቀድማል። «ትንሽ ጠንከር አድርገው ያወድሱኝ» ብሎ መመለስ ግን አይገባም። ሰውየው የመዘነውን መዝኖ ሰጥቷል።

ከዚያ በኋላ ውለታ ለመመለስ ብላ በዚያው ቀን ለባልደረባዋ ሪኮመንዴሽን ብትጽፍለት የተጻፈላትም የጻፈችውም በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን፣ በአንድ ቀን ይታያሉ፤ አንባቢው ተለዋወጡ ይላል። የምር የምትመሰክርለት ነገር ካላት ወራት አልፈው እርሱ ሲያስፈልገው ትጻፍለት። ከአንዱ ሰው ጋር ተቀያይማ ከኮኔክሽኗ ብታስወግደው ደግሞ የጻፈላት ሪኮመንዴሽን አብሮ ይወገዳል፤ በኋላ ቢታረቁና እንደገና ቢገናኙም አይመለስም።

ማመልከቻው ተልኮ ለቃለ መጠይቅ ስትጠራ ለሦስቱም ሰዎች አጭር መልእክት ትላክላቸው፤ የድርጅቱን ስም፣ የሥራ መደቡን፣ ምናልባት ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ከማይታወቅ ቁጥር ሊደወልላቸው እንደሚችል። የኦፕሬሽን ኃላፊው የማያውቁትን ቁጥር የማያነሡ ዓይነት ሰው ከሆኑ ይህን ቀድማ ለድርጅቱ ትንገር፤ በየትኛው ሰዓት ቢደወልላቸው እንደሚያነሡም ጨምራ።